ገንዘቡ እስከ ስንት ዓመት ያዘልቃል?

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ 60 ዓመት ሞላቸውና ከሥራ ተሰናበቱ እንበል። የሠሩበት የግል ድርጅት ለሠራተኞቹ ያዘጋጀው የወር ጡረታ ሳይሆን ፕሮቪደንት ፈንድ ነበር። በየወሩ ከደመወዛቸው የተቆረጠውና ድርጅቱ የጨመረላቸው ገንዘብ ለብዙ ዓመታት ተጠራቅሞ፣ በስንብታቸው ቀን በአንድ ቼክ 1,200,000 ብር ሆኖ እጃቸው ገባ። ገንዘቡን 7 በመቶ ወለድ በሚከፍል የቁጠባ ሒሳብ አስቀመጡት። ለቤት ኪራይ፣ ለአስቤዛና ለመድኃኒት በወር 12,000 ብር ያስፈልጋቸዋል። ይህን ያህል በየወሩ ቢያወጡ ገንዘቡ ስንት ዓመት ያቆያቸዋል?

የወር ጡረታ ያለው ሰው ይህ ጥያቄ የለበትም። ጡረታ ሰውየው በሕይወት እስካለ ድረስ ይከፈላል፤ ሲሞትም ለትዳር ጓደኛውና ዕድሜያቸው ላልደረሰ ልጆቹ የሚተርፍ ድርሻ አለው። የግል ድርጅት ሠራተኞችን በጡረታ ሥርዓት ያቀፈው አዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ድርጅቶች የሚያውቁት ፕሮቪደንት ፈንድን ብቻ ነበር፤ ከአዋጁ በኋላም በዚያው የቀጠሉ ሠራተኞች አሉ። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ የተቀበለ ሰው ዕድሜውንና ገንዘቡን የማመጣጠኑ ሥራ የራሱ ይሆናል። በውጭ አገር ሠርተው ያጠራቀሙትን ይዘው የሚመለሱ ሰዎችም ከዚሁ ስሌት አያመልጡም።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ማካፈልን ነው። 1,200,000 ለ12,000 ሲካፈል 100 ወር፣ ማለትም 8 ዓመት ከ4 ወር ይሆናል። ይህ መልስ የሚሠራው ገንዘቡ ቤት ውስጥ ሣጥን ተቆልፎበት ቢቀመጥ ነው። ባንክ ያለው ገንዘብ ግን እየተቀነሰም ቢሆን ይወልዳል። ስለዚህ ከ100 ወር በላይ እንደሚያዘልቅ እናውቃለን። ምን ያህል በላይ የሚለውን ለማወቅ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በእጃችን እናስላ።

በመጀመሪያው ወር የ1,200,000 ብር ወለድ 7,000 ብር ነው (የዓመቱ 84,000 ብር ለ12 ሲካፈል)። ጡረተኛዋ 12,000 አወጡ። ወለዱ 7,000ውን ሸፈነ፤ የቀረው 5,000 ከዋናው ገንዘብ ተነሣ። ዋናው 1,195,000 ሆነ። በሁለተኛው ወር ወለዱ የሚሰላው ከዚህ ካነሰው ገንዘብ ላይ ስለሆነ 6,970 ብር ከ83 ሳንቲም ይሆናል። አሁንም 12,000 ወጣ፤ ከዋናው የተነሣው 5,029 ብር ከ17 ሳንቲም ነው። በሦስተኛው ወር ደግሞ ከዋናው 5,058 ብር ከ50 ሳንቲም ይነሣል። ከባንክ የሚወጣው ገንዘብ ሁልጊዜ 12,000 ነው፤ ከዋናው የሚነሣው ግን በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያለ ያድጋል።

ከዋናው የሚነሣውን ይህን ገንዘብ የወሩ ጉድለት ብለን እንጥራው። የምዕራፉ ቁልፍ እርሱ ነው። ጉድለቱ ከ5,000 ወደ 5,029.17 ለምን አደገ? በመጀመሪያው ወር ከዋናው የተነሣው 5,000 ብር በሁለተኛው ወር ሳይወልድ ስለቀረ ነው። ያ 5,000 ብር በወር ሊወልድ ይችል የነበረው 29 ብር ከ17 ሳንቲም ነው፤ ጉድለቱ የጨመረውም በዚያችው ልክ ነው። በቀጣዩ ወርም እንዲሁ፣ ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ስለዚህ ጉድለቱ ራሱ ባንክ እንደተቀመጠ ገንዘብ በ7 በመቶ ወለድ ያድጋል ማለት ነው። ቁጠባችንን ያሳድግ የነበረው ወለድ፣ ማውጣት ከጀመርን በኋላ ጉድለታችንን በዚያው ፍጥነት ያሳድገዋል።

አሁን መጨረሻውን እንይ። ዋናው ገንዘብ ተሟጦ ሊያልቅ ሲል ወለዱ ዜሮ ሊሆን ምንም አይቀረውም፤ ስለዚህ የመጨረሻው ወር ጉድለት ሙሉው 12,000 ብር ነው። መነሻው 5,000፣ መድረሻው 12,000 መሆኑ ነው። እንግዲህ «ገንዘቡ ስንት ዓመት ያቆያል?» የሚለው ጥያቄ «5,000 ብር በ7 በመቶ ወለድ 12,000 ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጅበታል?» ከሚለው ጋር አንድ ነው። ይህን ደግሞ ያለ ኮምፒውተር መገመት ይቻላል። ወለዱ በየወሩ ሲደመር በ7 በመቶ የተቀመጠ ገንዘብ በ10 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። 5,000 በ10 ዓመት 10,000 ይደርሳል፤ ከዚያ 12,000 ለመድረስ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ይበቃዋል። መልሱ 12 ዓመት ተኩል ነው። በትክክል ሲሰላ 150 ወር ተኩል ይወጣል። ኤክሴል ያለው ሰው ይህንን ቢጽፍ ያንኑ ቁጥር ያገኛል፤

```
=NPER(0.07/12,-12000,1200000)
```

ኤክሴሉ ላይ የመጀመሪያው ቁጥር የወር ወለድ ነው፣ ሁለተኛው በየወሩ የሚወጣው (ወጪ በመሆኑ የመቀነስ ምልክት ይቀድመዋል)፣ ሦስተኛው መነሻው ገንዘብ ነው። እኔ ግን የእጥፉን ስሌት አስቀድሞ በጭንቅላት መሥራትን እመርጣለሁ። ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ የገባው ሰው ኤክሴል ላይ አንድ ዜሮ ቢያጎድል ወዲያው ይነቃል።

ጡረተኛዋ ወጪያቸውን ወደ 10,000 ብር ቢያወርዱስ? ወለዱ ያው 7,000 ነው፤ የመጀመሪያው ጉድለት 3,000 ይሆናል። 3,000 ተነሥቶ 10,000 ለመድረስ ከሦስት እጥፍ በላይ ማደግ አለበት፤ ይህም 17 ዓመት ከ3 ወር ይፈጃል። ከወር ወጪያቸው አንድ ስድስተኛውን ቀነሱ፤ የገንዘቡ ዕድሜ ግን ከአንድ ሦስተኛ በላይ ጨመረ። ወደ 8,000 ቢያወርዱ የመጀመሪያው ጉድለት 1,000 ብቻ ነው። 1,000 ተነሥቶ 8,000 ለመሆን ሦስት ጊዜ እጥፍ ማለት አለበት፤ ሦስት ጊዜ አሥር ዓመት፣ ማለትም 30 ዓመት ገደማ ነው። በትክክል ሲሰላ 29 ዓመት ከ9 ወር ተኩል ይሆናል። በወር 7,000 ብቻ ቢያወጡ ጉድለቱ ዜሮ ነው፤ ዜሮ ደግሞ ምንም ያህል ጊዜ ቢታጠፍ ዜሮ ነውና በወረቀት ላይ ገንዘቡ መቼም አያልቅም። ኤክሴል በዚህ ጊዜ ቁጥር መስጠት ትቶ #NUM! ብሎ ይጽፋል። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲያይ የተሳሳተ ይመስለዋል፤ መልሱ «ማለቂያ የለውም» ማለት ነው።

ስለዚህ ወሳኙ ነገር የገንዘቡ መብዛት ብቻ አይደለም። ከወሩ ወጪ ምን ያህሉን ወለዱ እንደሚሸፍን ማየት ያስፈልጋል። 12,000 ሲወጣ ወለዱ ከግማሽ ጥቂት ከፍ ያለውን ይሸፍናል፤ 8,000 ሲወጣ ከስምንት እጅ ሰባቱን። ወጪው ወደ ወለዱ በተጠጋ ቁጥር እያንዳንዱ የተቀነሰ ብር ብዙ ወራት ይገዛል። ከ12,000 ወደ 10,000 መውረድ አምስት ዓመት የማይሞላ ጊዜ ሲጨምር፣ ከ10,000 ወደ 8,000 መውረድ 12 ዓመት ተኩል ይጨምራል። ሁለቱም የ2,000 ብር ቅናሽ ናቸው።

ይህ ከወለዱ ጋር የተጠጋ ቦታ ግን ያን ያህል የሚታመን አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ በቁጠባ ወለድ ላይ 5 በመቶ ግብር ጥሏል፤ ባንኩ ቆርጦ ነው የሚያስገባው። 7 በመቶ የነበረው ወለድ ወደ 6.65 በመቶ ዝቅ ይላል፤ የመጀመሪያው ወር ወለድም 6,650 ብር ይሆናል። 12,000 ለሚያወጣ ሰው ይህ የአራት ወር ገደማ ልዩነት ነው። 8,000 ለሚያወጣው ግን የመጀመሪያው ጉድለት ከ1,000 ወደ 1,350 ስለሚያድግ ከሁለት ዓመት በላይ ይነጥቀዋል። 7,000 የሚያወጣው ሰው ደግሞ ከእንግዲህ «ማለቂያ የለውም» ማለት አይችልም፤ ጉድለቱ 350 ብር ሆኖ ይጀምራል፤ ገንዘቡም በ45 ዓመት ገደማ ያልቃል። 60 ዓመት ለሞላው ሰው 45 ዓመት በቂ ነው፤ ነገር ግን 350 ብር ብቻ ምን ያህል እንደቀየረ ልብ ይሏል። ከዚህ በኋላ ስሌቱ እንዳይወሳሰብ ግብሩን ትቼ በ7 በመቶው እቀጥላለሁ።

ጥያቄውን ገልብጦ መጠየቅም ይቻላል። ጡረተኛዋ ገንዘቡ እስከ 85 ዓመታቸው፣ ማለትም ለ25 ዓመት እንዲቆይ ቢፈልጉ በወር ስንት ማውጣት ይችላሉ? 8,480 ብር ገደማ። ለ20 ዓመት ቢሆን 9,300 ብር ገደማ ይደርሳል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት 820 ብር ነው፤ አምስት የዕድሜ ዓመታት በወር 820 ብር ተገዙ ማለት ነው። እኔ ለራሴም ለሌላም ሰው ስገምት ዕድሜን ረዘም አድርጌ መገመትን እመርጣለሁ። አስልተን ካስቀመጥነው በፊት ብንሞት የተረፈው ገንዘብ ለልጆች ይሆናል፤ ገንዘቡ ቀድሞን ካለቀ ግን ሥራ መጀመር በማይቻልበት ዕድሜ ባዶ እጃችንን እንቀራለን።

ወደ 12,000 ብሩ እንመለስ፤ ሰዎች የሚዘናጉት እዚያ ላይ ነው። በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ጡረተኛዋ ደብተራቸውን ቢያዩ 842,000 ብር ገደማ ያገኛሉ። በአምስት ዓመት 720,000 ብር አውጥተዋል፤ ዋናው የቀነሰው ግን በ358,000 ብቻ ነው። ደስ ይላል። «በዚህ አያያዝ ገና አሥራ ሁለት ዓመት ያቆየኛል» ብሎ ማሰብ ይመጣል፤ 842,000ን ለአምስት ዓመቱ ቅናሽ ሲያካፍሉት እንደዚያ ነው የሚመስለው። ይሁንና በቀጣዮቹ አምስት ዓመታት ዋናው የሚቀንሰው በ507,000 ነው፤ በአሥረኛው ዓመት መጨረሻ የሚቀረው 335,000 ገደማ ነው። ይህም በሁለት ዓመት ተኩል ያልቃል። የመጀመሪያው ግማሽ ገንዘብ ለማለቅ ሰባት ዓመት ከሰባት ወር ሲወስድ ሁለተኛው ግማሽ አምስት ዓመት ብቻ ይበቃዋል። ጉድለቱ በ7 በመቶ እያደገ ስለሚሄድ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቅናሽ የኋላውን አይናገርም።

ገንዘቡ በደህና እየሄደ መሆኑን ለማወቅ አንዲት ቀላል መለኪያ አለች። በየዓመቱ መስከረም ላይ ደብተሩ ላይ ያለውን ቀሪ ሒሳብ ለወሩ ወጪ ያካፍሉት። ሲጀመር 100 ነበር። በአምስተኛው ዓመት 70፣ በአሥረኛው 28 መሆን አለበት። በአምስተኛው ዓመት 60 ሆኖ ከተገኘ በመካከል ከዕቅዱ ውጭ የወጣ ገንዘብ አለ፣ ወይም ወለዱ እንደታሰበው አልገባም። ወለዱ በዝቅተኛው የወሩ ቀሪ ሒሳብ ላይ የሚሰላ ከሆነ ወሩ ሲጀምር ማውጣትና ሲያልቅ ማውጣት ልዩነት አለው፤ ይሁንና ሁልጊዜ በወሩ መጀመሪያ ቢያወጡ የሚያጡት በጠቅላላው አንድ ወር ተኩል ያህል ነው። ትልቁ ቀዳዳ ሌላ ቦታ ነው።

እርሱም በመጀመሪያ ዓመታት በአንድ ጊዜ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ቼኩ እጅ በገባ ሰሞን ልጅ ይዳራል፣ ቤት ይታደሳል፣ የወንድም ልጅ ሱቅ ሊከፍት ብድር ይጠይቃል። ጡረተኛዋ ገና ሳይጀምሩ 100,000 ብር ቢያወጡ የጠፋው የስምንት ወር ወጪ ይመስላል፤ 100,000 ለ12,000 ሲካፈል ከስምንት ጥቂት በላይ ነውና። ነገር ግን 1,100,000 ብር የሚያዘልቀው 131 ወር ተኩል ነው፤ የጠፋው 19 ወር ነው። ያንኑ 100,000 ብር በአሥረኛው ዓመት መጨረሻ ቢያወጡት የሚያጡት ወደ አሥር ወር ይሆናል። መጀመሪያ ላይ የወጣው ብር በጡረታው ዘመን ሁሉ ሊወልድ የነበረውን ይዞ ስለሚሄድ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። ለዘመድ ማበደር አይገባም አልልም፤ የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነው። የሚሰጠው ሰው ግን የሚሰጠው 100,000 ብር ሳይሆን ከመጨረሻው ዕድሜው ላይ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ መሆኑን አውቆ ቢሰጥ እመኛለሁ።

እስካሁን ያልነው ሁሉ የቆመው የዛሬ 12,000 ብርና የዛሬ አሥር ዓመት 12,000 ብር አንድ ናቸው በሚል ነው። አንድ እንዳልሆኑ ማንም ያውቃል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገው፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። 7 በመቶ እየወለደ 30 በመቶ የሚረክስ ገንዘብ ደብተሩ ላይ ያድጋል፤ ገበያ ላይ ግን ይቀንሳል።

ለስሌታችን ከዚያ በጣም የለዘበ፣ በዓመት 10 በመቶ የሚሆን የዋጋ ንረት እንውሰድ። ጡረተኛዋ 12,000 ብራቸውን ሳይለውጡ ቢቀጥሉ፣ በአሥር ዓመት መጨረሻ ያ ገንዘብ የሚገዛው ዛሬ 4,630 ብር የሚገዛውን ያህል ነው። ደብተሩ «ገና ሁለት ዓመት ተኩል አለሽ» ይላቸዋል፤ ኩሽናቸው ግን ከሦስት እጅ ሁለት እጅ ገደማ ባዶ ነው። ገንዘቡ ሳያልቅ ችግር ይገባል ማለት ነው፤ ደብተሩ ይህን አይነግርም።

እንግዲህ ወጪያቸው ከገበያው ጋር እንዲሄድ በየዓመቱ 10 በመቶ ቢጨምሩስ? በሁለተኛው ዓመት 13,200፣ በሦስተኛው 14,520፣ እያለ ይሄዳል። ዓመት በዓመት ሲሰላ ገንዘቡ በስምንተኛው ዓመት ውስጥ ያልቃል፤ 95 ወር ገደማ ነው የሚቆየው። መጀመሪያ ላይ ያለ ምንም ወለድ አካፍለን ካገኘነው 100 ወርም ያነሰ ነው። ወለዱ ከዋጋ ንረቱ ሲያንስ፣ ገንዘቡ ቢወልድም ዋጋ ሳይንር ሣጥን ውስጥ እንደተቀመጠ ገንዘብ ያህል እንኳ አይቆይም። ስለዚህ ስሌቱ ውስጥ መግባት ያለበት የወለድ ቁጥር ባንኩ የለጠፈው ሳይሆን ከእርሱ ላይ የዋጋ ንረቱ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። እዚህ ላይ 7 ሲቀነስ 10፣ ከዜሮ በታች 3 ነው። በዚህ ዓይነት ወለድ «መቼም አያልቅም» የሚባል የወር ወጪ የለም።

ያ 7,000 ብር እንኳ አያመልጥም። በመጀመሪያው ዓመት በወር 7,000 አውጥተው በየዓመቱ 10 በመቶ ቢጨምሩ፣ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ዋናው ሳይነካ 1,200,000 ብር እንዳለ ይገኛል። በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ላይም ወደ 1,100,000 ብር ይቀራል። ከዚያ ግን ቁልቁል ይወርዳል፤ በአሥረኛው ዓመት መጨረሻ 583,000፣ በአሥራ ሁለተኛው 182,000 ይሆንና በአሥራ ሦስተኛው ዓመት ያልቃል። የቆየው 12 ዓመት ከ8 ወር ነው።

ይህንን ከመጀመሪያው ስሌታችን ጎን ያስቀምጡት። በወር 12,000 ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ማውጣት 12 ዓመት ተኩል አቆየ። በ7,000 ጀምሮ በየዓመቱ መጨመር 12 ዓመት ከ8 ወር አቆየ። ሁለቱ ከሁለት ወር በቀር እኩል ናቸው። የመጀመሪያው ሰው በጥሩ ኑሮ ጀምሮ በመጨረሻው ዓመት ዛሬ 3,800 ብር ገደማ በሚገዛው ይኖራል። ሁለተኛው ሰው በጠባብ ኑሮ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ በዚያው ጠባብ ኑሮ ይዘልቃል፤ በሰባተኛው ዓመት ከባንክ የሚያወጣው ብር ከመጀመሪያው ሰው ይበልጣል፤ በቁጥር 12,400 ይሆናል። እኔ ሁለተኛውን መንገድ እመርጣለሁ። በ61 ዓመት ወጪ መቀነስ፣ ትንሽ ሥራ መፈለግ፣ ከአንድ ክፍል ተከራይ ማስገባት ይቻላል፤ በ72 ዓመት ግን መድኃኒቱ ይበዛል፣ ጉልበቱም የለም። 12,000 ብር የግድ የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ከ7,000ው በላይ ያለውን 5,000 ብር ከቁጠባው ሳይሆን ከሌላ ቦታ፣ አቅሙ ባለው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማግኘት ይኖርበታል።